ከረጅም የሕመም ፈቃድ ለሚመለሱ ባልደረባችን ምን ብዬ ልጻፍላቸው?

ጥያቄ፦ የሂሳብ ክፍሏ

ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ የግል ድርጅት የሂሳብ ክፍል ኃላፊ ነኝ። በዕድሜ በጣም የሚበልጡኝ አንድ ባልደረባ አሉን፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ከአራት ወር በላይ በሕመም ፈቃድ ቆይተው ሰኞ ይመለሳሉ። ምን እንዳመማቸው አልነገሩንም። ከሐኪም ያመጡት ወረቀት ለጊዜው ቀላል ሥራ ይሥሩ ይላል። በቴሌግራም ልልክላቸው ይህን ጻፍኩ፦

«ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ! እግዚአብሔር ይመስገን ድነው ተመለሱልን። እርስዎ ከሄዱ ክፍሉ ክፍል አልሆነም፤ ሪኮንሲሌሽኑ ሁሉ ተከምሮ እየጠበቀዎት ነው (ቀልዴን ነው)። እንደ ድሮው ጠንክረው እንደሚሠሩ እርግጠኛ ነኝ። አሁን ጤናዎ እንዴት ነው? ምን ነበር ያሉዎት?»

እህቴ አይታው «እንዳትልኪው» አለችኝ፤ ለምን እንደሆነ ግን አላብራራችልኝም። ምን ላስተካክል? የክፍላችን ግሩፕ ላይስ ምን ልበል?

የአዘዞ ልጅ

ቴሌግራም ደግሞ ምን ይሠራል? የታመመ ሰው ቤቱ ተሂዶ ነው የሚጠየቀው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ብርቱካንና ሙዝ ይዛችሁ ሁላችሁም ሂዱ። አራት ወር ሙሉ ካልጠየቃችኋቸው ደግሞ ያሳፍራል። ለትልቅ ሰው በስልክ «እንኳን ደህና መጡ» ብሎ መላክ ቀዝቃዛ ነገር ነው።

ሰው ኃይል ነበርኩ

እህትሽ ልክ ናት። እንደምትወጃቸው ከጽሑፉ ይታያል፤ ግን እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ለጋሼ የቤት ሥራ ይሰጣቸዋል።

«ተከምሮ እየጠበቀዎት ነው» ቀልድ መሆኑን አንቺ ታውቂያለሽ። ለመመለስ እየተጨነቀ ላለ ሰው ግን የሚታየው ክምሩ ነው። «ድነው» ያልሽውም ያስቸግራል። ቀላል ሥራ የታዘዘላቸው ሰው ሕክምናቸው ገና ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ወይ ዝም ብለው ይቀበሉሻል፣ ወይ «አይ ልጄ፣ ገና ነኝ» ብለው ሊነግሩሽ ያልፈለጉትን ይነግሩሻል። «እንደ ድሮው ጠንክረው» ከጓደኛ ሲመጣ ምርቃት ነው። ከአለቃ ሲመጣ ግን ሰውየው ራሱን የሚለካበት ይሆናል፤ አንቺ ደግሞ በዕድሜ ብታንሺም አለቃቸው ነሽ።

መጨረሻ ላይ ያሉትን ሁለቱን ጥያቄዎች ሙሉ በሙሉ አውጪያቸው። ለአለቃ ጥያቄ ዝም ማለት ይከብዳል። አራት ወር ያልነገሩሽ ረስተውት አይደለም።

ታዲያ ምን ይግባ? ሰው ከረጅም ሕመም ሲመለስ የሚያስጨንቀው የመጀመሪያው ጠዋት ነው። ስንት ሰዓት ልግባ? ወንበሬ ላይ ማን ተቀምጧል? መጀመሪያ ምን ይሰጡኛል? የፒችትሪ ፓስወርዴ አሁንም ይሠራ ይሆን? ይህን በመልእክትሽ መልሺላቸው። ፓስወርዱን ደግሞ አርብ ራስሽ አስፈትሺው። አስበሽዋል፣ በመጀመሪያው ቀን ሲስተሙ «አላውቅህም» ሲላቸው?

«የሚፈልጉት ነገር ካለ ይንገሩኝ» ብቻ ብለሽ አትለፊ። እሳቸውን የሚያክል ሰው ከአንቺ ቀላል ሥራ ሲለምን አይታየኝም። አንቺ ሁለት ነገር አቅርቢና ይምረጡ። ግን መጀመሪያ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ተስማሚ። «አርፍደው ይግቡ» ብለሽ ጽፈሽ ሰኞ ጥበቃው ሰዓት ቢመዘግብባቸው፣ ባይጻፍላቸው ይሻል ነበር።

ሐሙስ ወይም አርብ በቀን ላኪው። እሑድ ማታ ከሆነ እንቅልፍ ይነሳቸዋል። መልስ እንደማይጠበቅባቸውም ጻፊ፤ አለበለዚያ የምስጋና ደብዳቤ ሲያረቁ ያድራሉ።

የአዘዞ ልጅ ያለው ግማሹ እውነት ነው። ጥየቃ ባህላችን ነው፣ ነውርም የለበትም። ግን ሊመለሱ አንድ ቀን ሲቀራቸው ክፍሉ በሙሉ ቤታቸው ቢገባ ባለቤታቸው ቡና ሊያፈሉ፣ ዳቦ ሊቆርሱ ነው፤ እሳቸውም ለብሰው ቁጭ ሊሉ ነው። መሄድ ካለበት አንድ ሰው ቀድሞ ለቤት ደውሎ ይሂድ፣ ቶሎም ይነሳ።

ቀበሌ 18

ይቅርታ፣ እኔ ሌላ ነገር ልጠይቅ። ደሞዛቸው ስንት ተቆረጠ? እኔ ሁለት ወር ታምሜ ሁለቱንም ወር ግማሽ ነው የከፈሉኝ። ልክ ነው?

ሰው ኃይል ነበርኩ

ጥያቄው ስለ መልእክት ነበር፤ ግን ላንተም ይጠቅምሃልና ልመልስልህ። የግል ድርጅት ከሆነና የሙከራ ጊዜህን ከጨረስክ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደሞዝ ነው። ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ናቸው። ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት ያለ ደሞዝ ናቸው። ጠቅላላው በ12 ወር ውስጥ ከስድስት ወር አይበልጥም። ሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት ወይም በሥራው ምክንያት የመጣ በሽታ ከሆነ ግን ሌላ ሕግ አለው። ስለዚህ የሕክምና ማስረጃህን አቅርበህ ከነበረ የመጀመሪያውን ወር ጠይቅ።

ጠያቂያችን፣ ይህ አንቺንም ይመለከታል። ድርጅታችሁ ከአዋጁ የተሻለ ውል ከሌለው ጋሼ አራተኛውን ወር ያለ ደሞዝ ነው ያሳለፉት። በመልእክቱ ስለ ገንዘብ አታንሺ። በመጀመሪያው ሳምንት ግን የሠርግ ወይም የልደት መዋጮ ዝርዝር ይዞ ጠረጴዛቸው ላይ የሚመጣ ሰው እንዳይኖር።

ተመልሼ የማውቅ

የኔ ችግር መልእክቱ አልነበረም፣ ቡናው ነበር። የተመለስኩ ቀን ባልደረቦቼ ፈንዲሻና ቡና አዘጋጅተው ጠበቁኝ። እኔ ደግሞ ቡና ተከልክያለሁ። «አልጠጣም» ስል «ለምን? ማን ከለከለህ? ምን ሆነህ ነው?» ተጀመረ። አንዷ ስኒውን ይዛ «በሞቴ! አንዲት ስኒ ብቻ!» ብላ ቆመች። ክፋት የላትም፣ ፍቅሯ ነው። ግን በአምስት ደቂቃ ውስጥ ቢሮው በሙሉ ስለ ሆዴ ያውቅ ነበር። ቀጥሎ «ከስተሃል» መጣ፣ ቀጥሎ የጸበል አድራሻ መጣ። ጸበሉን አልጠላሁም፤ ግን በዚያ ቀን ሦስት የተለያዩ ሰዎች ሦስት የተለያየ ቦታ አዘዙልኝ።

ስለዚህ ቡናው ይፈላ፣ ግን ሻይና ውሃም አብሮ ይቅረብ። ያላነሳውን ሰው ማንም አይለምን።

የሂሳብ ክፍሏ

ቡናውን እኔም አስቤው ነበር! ሥራ አስኪያጁን አነጋግሬ ተስማምተናል። እንደገና ጻፍኩት፦

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ሰኞ ይመለሳሉ ሲባል ሁላችንም ደስ ብሎናል። እንኳን በደህና መጡ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ጠዋት 3 ሰዓት ቢገቡ ይበቃል፤ ሥራ አስኪያጁም ያውቃሉ፣ ጥበቃዎቹም ተነግሯቸዋል። ጠረጴዛዎ እንደነበረ ነው። ሪኮንሲሌሽኑ ሌላ ሰው ጋ ነው፣ እስከ ወሩ መጨረሻ እዚያው ይቆያል። ለጊዜው ቫውቸር ማመሳከር ወይም የአምናውን ፋይል ማደራጀት አለ፤ የሚቀልዎትን ሰኞ ይነግሩኛል። የሐኪም ቀጠሮ ሲኖርዎት ቀኑንና ሰዓቱን ብቻ ያሳውቁኝ። ለዚህ መልስ መጻፍ አይጠበቅብዎትም። ሰኞ እንገናኝ።»

ሰው ኃይል ነበርኩ

አሁን ሆነ። አንድ ነገር ብቻ፦ ድርጅቱ ለቀጠሮ ቀን ወረቀት የሚጠይቅ ከሆነ አሁኑኑ ጻፊው። «ብቻ ያሳውቁኝ» ብለሽ በኋላ ማስረጃ አምጡ ከተባሉ ያመኑሽን ያህል ይቀየማሉ። ወረቀቱ ደግሞ በዚያ ቀን ሐኪም ቤት እንደነበሩ ካሳየ ይበቃል፤ የበሽታው ስም አያስፈልግሽም።

እትዬ ከአራዳ

ልጆቼ፣ ለትልቅ ሰው እግዚአብሔር የሌለበት ሰላምታ? የባንክ ማስታወቂያ መሰለብኝ። «እንኳን እግዚአብሔር ማረዎት» በያቸው። እኔ ታምሜ ተነስቼ ይህን የማይለኝ ሰው ቢኖር ምን አስቀየምኩት ብዬ ነው የማስበው።

ሰው ኃይል ነበርኩ

እትዬ፣ እውነትዎን ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሕክምናው ካላለቀ ብዬ ነው። «ማረዎት» ሲባሉ «ገና ነኝ» የሚል ስሜት ቢመጣባቸውስ?

ተመልሼ የማውቅ

እኔ መድኃኒት ላይ እያለሁ ሰዎች «እንኳን ማረህ» ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ማንም ስለ ምርመራ ውጤቴ እየጠየቀኝ አልነበረም፤ «አሜን» ብሎ ማለፍ ነው። ሌላው ሰው ግን እንደኔ ይሁን አይሁን እንጃ።

የአዘዞ ልጅ

እኔም ከእትዬ ጋር ነኝ። ደግሞ ሃይማኖታቸውን ታውቂያለሽ አይደል? ሙስሊም ከሆኑ «አላህ አፊያ ያድርግዎት» ይሻላል።

የሂሳብ ክፍሏ

ኦርቶዶክስ ናቸው፣ ጾም የማይፈቱ። በጽሑፉ ላይ ላስገባው ወይስ ሰኞ ፊት ለፊት ልበላቸው፣ ገና አልወሰንኩም። ግሩፑስ? «ሰኞ ጋሼ ስለሚመለሱ ማንም ስለ ሕመማቸው እንዳይጠይቅ» ብዬ ልለጥፍ ነበር።

ሰው ኃይል ነበርኩ

ጋሼ ግሩፑ ውስጥ የሉም እንዴ?

የሂሳብ ክፍሏ

ውይ! አሉ።

ሰው ኃይል ነበርኩ

ታዲያ እንዳትለጥፊው። አርብ ከምሳ በኋላ ሁሉንም ሰብስበሽ በአፍ ንገሪያቸው፦ እሳቸው ካላነሱ ማንም ስለ ጤናቸው አያንሳ፣ «ከሱ» «ጠቆሩ» አይባል፣ ቡና አይለመን፣ የሥራ ጥያቄ ያለው መጀመሪያ ወደ አንቺ ይምጣ። ሌላ ክፍል ያለ ሰው ምን ሆነው ነበር ብሎ ከጠየቃቸው ደግሞ «ፈቃድ ላይ ነበሩ» ብለው ይለፉ። ግሩፑ ላይ «እንኳን በደህና መጡ» ማለት ከፈለጋችሁ ሰኞ እሳቸውን ጠይቂና ከፈቀዱ ይሁን። ፎቶ አንስቶ የሚለጥፍ ካለም ከወዲሁ አስጠንቅቂው።

ቀበሌ 18

ስለ ደሞዙ አመሰግናለሁ። የማመለክተው ለሰው ኃይል ነው ወይስ በቀጥታ ለሥራ አስኪያጁ?

ሰው ኃይል ነበርኩ

ለሰው ኃይል በጽሑፍ። ግልባጩ ላይ ተቀባዩ ይፈርምልህ።

የሂሳብ ክፍሏ

የመዋጮ ያላችሁት ጠቀመኝ። የአንዷ ልጃችን ሠርግ አለ፣ ዝርዝሩ ላይ ደግሞ ሁለተኛው ስም የጋሼ ነው። ሄጄ ላወጣው ነው። መልእክቱን ነገ ከሰዓት በፊት እልካለሁ፤ የቀጠሮ ወረቀቱን ጉዳይ ከሥራ አስኪያጁ አጣርቼ እጨምርበታለሁ።