የቱርክ ድራማ ስንት ክፍል ድረስ ልታገሰው? ጥቆማ ስጡኝ

ሜሮን፦ ሰላም ቤተሰብ፣ በአማርኛ የተተረጎመ የቱርክ ድራማ ጀምሬ 4ኛ ክፍል ላይ ነኝ፣ እስካሁን ልጁ መስኮት ላይ ቆሞ ሲያስብ ልጅቷ ደረጃ ላይ ቆማ ስታየው ሙዚቃው ሲያለቅስ ብቻ ነው 😅 የባሌ እህት "ታገሺ ኋላ ነው የሚጦፈው" ትለኛለች፣ እኔ ደሞ በሦስት ክፍል ካልያዘኝ እተዋለሁ። ልቀጥል ወይስ ሌላ ትጠቁሙኛላችሁ?

ናቲ፦ ከቀረፈፈብሽ ኳሊቲውን 360 አድርጊው፣ እኔም ማታ ኔት ሲጨናነቅ እንደዛ ነው የማየው

ሜሮን፦ ናቲዬ ኔቱማ ይሮጣል፣ ታሪኩ ነው የቆመው 😂

ዳግም፦ ሜሪ የሦስት ክፍሉ ሕግሽ እዚህ ያሳስትሻል። እነሱ አገር ድራማው በሳምንት አንዴ ነው የሚወጣው፣ አንዱ ክፍልም ሁለት ሰዓት ገደማ አንዳንዴም ከዛ በላይ ነው፣ ለውጭ ሲሸጥ ነው ወደ 45 ደቂቃ የሚቆራረጠው። ስለዚህ አንቺ ሦስት ያልሽው እነሱ ጋ ገና አንድ ነው፣ ልብ አንጠልጣዩን ደሞ የሚያስቀምጡት ሁለት ሰዓቱ መጨረሻ ላይ ስለሆነ ከመሀል የተቆረጠው ክፍል እንዲሁ ሲተያዩ ያልቃል። 3ኛው ወይ 4ኛው መጨረሻ ላይ ጠንከር ያለ ነገር አልነበረም?

ሜሮን፦ ኧረ ነበር! 3ኛው ሲያልቅ መኪና ተጋጨ፣ 4ኛው ላይ ተመልሰው ሻይ

ዳግም፦ በቃ የመጀመሪያው ክፍላቸው እዛ ጋ ነው ያለቀው። ቀጣዩን 6ኛው ወይ 7ኛው አካባቢ ጠብቂ (አቆራረጡ ሁሌ እኩል አይደለም)፣ እሱም ምንም ካላለሽ ተዪው።

ሳራ፦ ይሄ ሁሉ ስሌት ለምን፣ እኔ ቀጥታ 20ኛው ላይ ነው የምዘለው፣ መግቢያው ላይ ያለፈውን ያሳዩሻል ምንም አያመልጥሽም

ዳግም፦ መግቢያው የሚያሳይሽ ለዛ ቀን የሚያስፈልገውን ብቻ ነው። መስኮቱን እለፊው፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ የሚነገርበትን ከዘለልሽ ግን ኋላ ላይ ሁሉም ዝም ብሎ የሚጯጯህ ይመስልሻል። ደሞ ሳትቀጥዪ እነሱ አገር ስንት ክፍል እንደሄደ እይ፣ "ካራ ሴቭዳ" 74 ሄዷል፣ 10 ምናምን ላይ ድንገት የቆመ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ተመልካች አጥቶ የተዘጋ ነው፣ መጨረሻውን በጥድፊያ ነው የሚጠቀልሉት።

የዲሲው፦ እኔ "ዘ ዋየር"ን 3ኛው ላይ ጥዬው ነበር። ለካ 13 ክፍል ባለው ሲዝን የስልክ ጠለፋው በደንብ የሚጀምረው 6ኛው ላይ ነው፣ ከዛ በፊት ያለው ፖሊሶቹ ፈቃድ ለማግኘት የሚለፉት ነው። የፔጀሩን ኮድ ሲፈቱት ነው እኔን የያዘኝ፣ ይሄው ሁለቴ ጨርሼዋለሁ። እሱን ሞክሪ

ትዕግስት፦ እንደ ቃና በየቀኑ ከመጣ 6 ክፍል ሳምንት አይሞላም፣ የኛዎቹ ግን በሳምንት አንዴ ሲሆኑ 6 ክፍል ወር ተኩል ነው፣ እዛ ላይ እኔ 2 ብቻ ነው የምሰጣቸው

ሜሮን፦ እሺ እስከ 7 አየዋለሁ። የባሌ እህት እንዳትሰማ ብቻ

ሳራ፦ እኔ አሁንም 20 ነው የምለው 😌