43 ኢሜይል የተያያዘበት ፎርዋርድ ለአዲስ ሠራተኛ እንዴት ላሳጥረው? ነገ ጠዋት ይገባል

የገላን መጋዘን
እባካችሁ ቶሎ። አለቃዬ 43 ኢሜይል ያለበት ፎርዋርድ ልኮልኝ «ነገ ለሚገባው የግዢ ሠራተኛ አሳጥረህ ስጠው» ብሎ ወጣ። ጉዳዩ ከቻይና የመጣ የኮምፕረሰር ሞተር ነው፤ 60 ኸርዝ ሆኖ መጣ። እያንዳንዱን ኢሜይል በአንድ በአንድ መስመር ስጽፍ ሦስት ገጽ ሞላ፣ ገና ግማሽ ላይ ነኝ። ምን ልቁረጥ?

የድሮ ጸሐፊ
ልጄ፣ የመዝገብ ሥራ ሥርዓት አለው። በእኛ ጊዜ ፋይል የሚነበበው ከመጀመሪያው ደብዳቤ ነበር፤ ቀኑ፣ ቁጥሩ፣ ማን ለማን እንደጻፈ በተራ ይሰፍራል። የጀመርከውን በቀን ቅደም ተከተል ጨርሰው። የዛሬ ሰው መጣደፍ ይወዳል።

ኤሌክትሪሺያን ከዱከም
60 ኸርዝ ሞተር በእኛ 50 ኸርዝ መስመር ፍጥነቱ በስድስተኛ እጅ ይቀንሳል፣ ቮልቴጁ ካልተስተካከለም ይሞቃል። ኢንቨርተር ግዙና ጨርሱት።

የገላን መጋዘን
ወንድሜ፣ የጠየቅኩት ስለ ጽሑፉ ነው።

ቀጥታ ተናጋሪ
ለምን ታሳጥራለህ? ሙሉውን ላክለትና ያንብብ። አንተ የቆረጥከው ነገር ነገ ቢፈለግ ተጠያቂው አንተ ነህ።

ሰነድ ክፍል፣ ቃሊቲ
ሙሉውን ማያያዝ ጥሩ ነው። ግን 43 ኢሜይል ያነበበ አዲስ ሰው ታሪኩን ያውቃል እንጂ ምን እንደሚሠራ አያውቅም። ጋሼ ያሉት ቅደም ተከተልም ለመዝገብ ነው፤ ይሄ ልጅ ነገ እጁ ላይ ሥራ አለ።

እኔ የምጀምረው ከመጨረሻው ኢሜይል ነው። መልስ እየጠበቀ ያለው ማነው? ምን ጠየቀ? እስከ መቼ? ከዚያ ወደ ኋላ እየሄድኩ ውሳኔ ያለበትን ብቻ አወጣለሁ፤ «ደርሶኛል»፣ «እናመሰግናለን» የሚለውን እዘለዋለሁ። ሁለት ዋጋ ካለ የኋለኛው ይያዛል፣ ግን የተስማማ ሰው መኖሩን አረጋግጥ። የመጨረሻውን ኢሜይልና ያልተወሰነውን እዚህ ጻፍልን።

የገላን መጋዘን
ሻጩ የሞተሩን የስም ሰሌዳ ፎቶና ማህተም ያለበት የቅሬታ ደብዳቤ እስከ ዓርብ 17:00 ላኩ ይላል። ፕሮፎርማው 50 ኸርዝ ይላል። ወርክሾፑ ሞክሮት ስለሞቀ አቁሞታል። ሻጩ የመመለሻውን ትራንስፖርት ግማሽ ክፈሉ ብሏል፤ የፋይናንስ ኃላፊው «አይቼዋለሁ» ብሎ መልሷል።

አዲስ ገቢ
ከላይ ምን እንደሚፈለግ ጻፍለት፤ እህታችን ያለችው ልክ ነው።

ቀጥታ ተናጋሪ
17:00 ማለት ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፣ ጊዜ አላችሁ።

ሰነድ ክፍል፣ ቃሊቲ
በማን ሰዓት? ቻይና በአምስት ሰዓት ይቀድመናል። የእነሱ 17:00 እኛ ጋ ከቀኑ 6 ሰዓት ነው። ሻጩ በራሱ ሰዓት ከጻፈ 11 ሰዓት ላይ ሲላክ እነሱ ቢሮ ዘግተዋል። ስለዚህ ቀደም ያለውን ያዝ። እንዲህ አድርገው፦

«ከአንተ የሚፈለገው፦ ዓርብ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት የስም ሰሌዳውን ፎቶና ማህተም ያረፈበት የቅሬታ ደብዳቤ ለሻጩ መላክ። ፎቶው ከወርክሾፕ ይመጣል፤ ደብዳቤውን አንተ አርቅቀህ የግዢ ኃላፊው ይፈርማል።
ነገሩ፦ በፕሮፎርማው 50 ኸርዝ ሞተር ታዞ 60 መጣ። ወርክሾፑ ሲሞክረው ስለሞቀ ቆሟል።
ያልተወሰነ፦ ሻጩ የመመለሻ ትራንስፖርቱን ግማሽ እንድንከፍል ጠይቋል። ከፋይናንስ ፈቃድ ሳታገኝ እሺ እንዳትል።»

«አይቼዋለሁ» ፈቃድ አይደለም። ብሪፉ ላይ «ፋይናንስ ተስማምቷል» ብለህ ከጻፍክ አዲሱ ልጅ አምኖህ ለሻጩ ቃል ይገባል። «ይፈርማል» ያልኩትንም ከአለቃህ አጣራ፣ እኔ ገምቼ ነው።

የገላን መጋዘን
እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ። ግን ፕሮፎርማው ፎርዋርዱ ውስጥ የለም፣ ስሙ ብቻ ነው የሚታየው።

ሰነድ ክፍል፣ ቃሊቲ
ሰው ሪፕላይ ሲያደርግ አታችመንቱ አብሮ አይሄድም፤ ፎርዋርድ ሲያደርግ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ የተላከለትን ሰው ጠይቀህ ፋይሉን ራሱን አያይዝ። ያለ እሱ ቅሬታው ማስረጃ የለውም።

ኤሌክትሪሺያን ከዱከም
ፎቶው ላይ ኸርዙ፣ ቮልቴጁና ሲሪያል ቁጥሩ ይነበብ። ሰሌዳው ላይ ዘይት ካለ በጨርቅ ጥረጉት፣ ብልጭታውን አጥፍታችሁ ከጎን አንሱት። አለዚያ ሰሌዳው ያንጸባርቃል።

ቀጥታ ተናጋሪ
እሺ። እኔ ግን ሙሉውንም ስጠው ነው የምለው።

ሰነድ ክፍል፣ ቃሊቲ
ይሰጠው፤ ግን እናንተ እርስ በርስ ስለ ዋጋ የተነጋገራችሁበት እዚያው ውስጥ ካለ፣ ለሻጩ የሚመልሰው ከሻጩ የመጨረሻ ኢሜይል ላይ ይሁን። ከአለቃህ ፎርዋርድ ላይ ተነስቶ ከጻፈ ሻጩ ወደ ታች ወርዶ ሁሉንም ያነበዋል። ይህንንም በአንድ መስመር ብሪፉ ላይ ጻፍለት።

አዲስ ገቢ
ፋይናንስ ምን አለ?