ለአያቴ የላክሁት የበዓል መልእክት ተቆራርጦ ደረሰ፤ እባካችሁ ቶሎ!

ሙሉ፣ ኮምቦልቻ
ጾሙ ዛሬ ሌሊት ይፈታል፤ አያቴ ያለችው ደምቢያ ገጠር ነው። ስልክ ስደውል ድምፁ ይቆራረጣል። መልእክት ብልክ ደግሞ ተበጣጥሶ ገባ፤ መጨረሻው መጀመሪያ፣ መሐሉ የለም። የላክሁት እንዲህ ይጀምራል፦ «እንኳን ለጌታችን ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ ብርሃነ ትንሣኤ በሰላም አደረሳችሁ። በዓሉ የሰላም፣ የጤና፣ የፍቅር...» ከዚያ ሌላ አምስት መስመር አለው። አጭርና ሞቅ ያለ ነገር ስጡኝ።

ሐሰን፣ ደሴ ፒያሳ
እኅቴ ምን አስቸኮለሽ? ጨረቃ ሳትታይ ዒድ የለም፤ ገና ቀናት ይቀሩናል።

የሺ
ሐሰን፣ ርእሱን ብቻ አንብበህ ነው የመለስኸው። ስለ ፋሲካ ነው የምታወራው። ሙሉ፣ ደግመሽ ደውይላት።

ስልክ ጠጋኙ፣ ኮምቦልቻ
ሁለት ነገር ሳትነግሪን ቀረሽ። ስልኳ ምን ዓይነት ነው? ደግሞስ ማን ያነብላታል? ፊደሉ አራት ማዕዘን ሆኖ ከታየ ስልኩ አማርኛ አያውቅም፤ ያኔ ምንም ብታሳጥሪ ዋጋ የለውም፣ ለጎረቤት ስልክ መላክ ነው።

ሙሉ
ባለ ቁልፍ አሮጌ ስልክ ነው። የአጎቴ ልጅ ያነብላታል፣ አራተኛ ክፍል ነው። ፊደሉ ይታያል፤ የተቆረጠው ብቻ ነው ያስቸገረው።

ስልክ ጠጋኙ፣ ኮምቦልቻ
እንግዲያው ችግሩ ርዝመቱ ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ መልእክት 160 ምልክት ይይዛል፤ በአማርኛ ግን 70 ብቻ፣ ክፍት ቦታውና አራት ነጥቡ ሳይቀር ተቆጥሮ። ከ70 ሲያልፍ ስልኩ በየ67ቱ ይቆርጠዋል፤ ተቀባዩ ስልክ መልሶ ሊገጣጥመው ይገባል፤ አውታሩ ደካማ ሲሆን ግን አንዱ ቁራጭ መንገድ ላይ ይቀራል ወይም ዘግይቶ ይገባል። የአንቺ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ብቻውን 54 ይፈጃል፤ ገና ምኞቱን ሳትጀምሪ የቀረሽ ቦታ 16 ብቻ ነው ማለት ነው። የአበባ ሥዕል ካስገባሽም አውጪው፣ አንዷ ሥዕል ብዙ ጊዜ የሁለት ፊደል ቦታ ትወስዳለች። ስልክሽ ስትጽፊ ከጎን የሚቀረውን ቁጥር ያሳይሻል፤ እሱን እያየሽ ጻፊ።

ሌላው ደግሞ «አደረሳችሁ» ለሕዝብ ነው። ልጁ ጮክ ብሎ ሲያነበው የቀበሌ ማስታወቂያ ይመስላል። «ዛሬ» እና «ነገ» የሚሉትንም ተዪ፣ መልእክቱ መቼ እንደሚገባ አታውቂምና።

መምህር፣ ሐይቅ
ልጄ፣ ሁሉንም ማሳጠር ይቻላል፤ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ግን አይቀርም። 55 ቀን የጾመች፣ ምናልባትም ከዓርብ ጀምሮ ያከፈለች እናት ከሁሉ አስቀድማ መስማት የምትሻው እሱን ነው። ሥርዓቱን ስታስታውሺ ካህኑ አንዱን ሲል ሕዝቡ ቀጣዩን ይመልሳል፦ «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን»፣ «አሰሮ ለሰይጣን»፣ «አግዐዞ ለአዳም» እያለ እስከ «ፍሥሐ ወሰላም» ድረስ። ስለዚህ ሁሉም መጻፍ አለበት።

ስልክ ጠጋኙ፣ ኮምቦልቻ
መምህር፣ ሁሉም ከተጻፈ ተመልሶ ይቆራረጣል። የመጀመሪያው 15 ምልክት ብቻ ነው። እሱን ትላክ፤ ቀሪውን አያቷ በቃሏ ትመልሳለች።

ሙሉ፣ ይኸውልሽ፦

«ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን። እምዬ፣ እንኳን በሰላም አደረሰዎ። ዶሮ ወጥዎ ናፈቀኝ። የእርስዎ ሙሉ»

ቆጥሬዋለሁ፣ 60 ነው። እንደ አራተኛ ክፍል ልጅ እያነበብሽ ሞክሪው፤ ትንፋሽ የሚያጥርበት ቦታ የለውም። «አንቺ» የምትያት ከሆነ «አደረሰሽ»፣ «ወጥሽ»፣ «ያንቺ» ብለሽ ለውጪው።

የሺ
መደወል ይሻላል እላለሁ አሁንም። ናፈቀኝ ካልሻት ደግሞ ሰኞ በአውቶቡስ የታሰረች ዶሮ ትደርስሻለች፣ እኔ የለሁበትም።

ሙሉ
ሃሃ፣ ታደርገዋለች። «አንቺ» ነው የምላት። አሁኑኑ ልላከው ወይስ ሌሊት?

መምህር፣ ሐይቅ
በፍጹም! ቅዳም ሥዑር ገና አላለፈችም፤ ቅዳሴው ሳይጠናቀቅ «ተንሥአ» ይባላል? ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ላኪ።

ስልክ ጠጋኙ፣ ኮምቦልቻ
ዘጠኝ ሰዓት አገሩ ሁሉ በአንድ ላይ ይልካል፣ መስመሩም ይጨናነቃል። አሁን ብትልኪው፣ ስልኳ ተዘግቶ ከሆነ ይጠብቃል፤ ስትከፍተው ይገባል።

መምህር፣ ሐይቅ
ክፍት ቢሆንስ? ልጁ ከጾሙ መፍቻ በፊት ያነበዋል!

ስልክ ጠጋኙ፣ ኮምቦልቻ
እንግዲያው ለልጁ ብቻ አስቀድማ ትንገረው፣ ጎሕ ሲቀድ ያንብብላት።

መምህር፣ ሐይቅ
ያ መልእክቱ ቀድሞ መላኩን አያስቀረውም።

ሐሰን፣ ደሴ ፒያሳ
በተሳሳተ በር ገብቼም ቢሆን ተጠቀምሁ። የእኔ አያት ባቲ ናት፣ ስልኳም ያው ባለ ቁልፍ ነው። ዒድ ሲደርስ «ዒድ ሙባረክ እምዬ፣ ጾምሽን አላህ ይቀበልሽ። ሰሚራ ልጅ ወልዳለች» ብልስ ከ70 አያልፍም?

የሺ
ሐሰን፣ ይህንንማ ደውለህ ንገራት እንጂ!