የዕቅድ ውይይት፦ የታተመ ሰንጠረዥ ከዳታውና ከኮዱ ጋር "ገጠመ" የምንለው መቼ ነው?

ሰላማዊት
እንዴት ሰነበታችሁ? ቅዳሜ ፒያሳ የጀመርነውን ረቂቅ እዚሁ እንጨርሰው። ዳታና ኮዳቸው አብሮ የወጣ ስድስት ጽሑፎች እንመርጣለን። ኮዱን እናስኬዳለን፤ የወጣውን ከታተመው ሰንጠረዥና ግራፍ ጋር እናመሳክራለን። አንድ ነገር ብቻ ባዶ ትቻለሁ፤ "ገጠመ" ብለን የምንመዘግበው መቼ ነው?

አያልነህ
እኔን ያሳሰበኝ በጀቱ ነው። ደንቢያና ጭልጋ ድረስ ወርዶ እንደገና መረጃ መሰብሰብ ቀላል ወጪ አይደለም። አበልስ ከየት ይመጣል?

ሰላማዊት
አያልነህ፣ ማንም የትም አይወርድም። ያው የተሰበሰበው ዳታ ነው፣ ያው ኮድ ነው። የምንጠይቀው ሰንጠረዡ በእርግጥ ከነሱ ወጥቷል ወይ ብለን ነው። ወጪያችን ኢንተርኔትና ጊዜ ነው።

ብሩክ
ታዲያ ምን ያስቸግራል? የናሙናው ቁጥርና ፐርሰንቱ ከገጠመ ገጠመ ነው። ዕጣ ያለበት ኮድ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያው ላይ `set seed` መኖሩን ማየት ነው። እሱ ካለ ውጤቱ ሁሌም አንድ ነው።

ጋሽ ታደሰ
ብሩክ፣ እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። ሰሞኑን የራሴን የቆየ ሥራ አውጥቼ ሞከርኩት። በ412 ቤተሰብ ውስጥ ያሉ 530 ሕፃናት ናቸው። ከየቤቱ አንድ ልጅ ወስደን የቀነጨሩትን ቆጥረናል። የታተመው 163 ነው፣ 39.6 በመቶ። ስታታን ሳልዘጋ ዱ ፋይሉን ሁለት ጊዜ አስኬድኩት። መጀመሪያ 158 ሰጠኝ፣ ቀጥሎ 166። ናሙናው ግን ሁለቱንም ጊዜ 412 ነው! የናሙናውን ቁጥር ብቻ ብናይ ገጠመ ብለን እናልፍ ነበር።

ጥፋቱ ያለው እዚህ መስመር ላይ ነው፦

```
bysort hhid: keep if _n == 1
```

ይህ ከየቤቱ የመጀመሪያውን መስመር አስቀር ይላል። ግን በአንድ ቤት ካሉት ልጆች ማን ይቅደም የሚለውን አልነገርነውም። 97 ቤቶች ከአንድ በላይ ልጅ አላቸው። በእነዚያ ቤቶች ስታታ በነሲብ ነው የሚደረድረው። `set seed` ደግሞ ይህን አይገዛውም፤ መደርደሪያው የራሱ `sortseed` አለው።

ብሩክ
ይህን አላውቅም ነበር ጋሼ። እንግዲያው `set sortseed` እንጨምርበትና ይለቅ?

ጋሽ ታደሰ
መድገሙንስ ይደግመዋል። ግን የትኛው ልጅ ለምን እንደተመረጠ አሁንም ማንም አያውቅም። የሚሻለው ቅደም ተከተሉን መናገር ነው፤ ለምሳሌ ከትንሹ ልጅ መጀመር። እኩያ መንትዮች ካሉ የልጁ መለያ ቁጥር ይለያቸዋል።

```
bysort hhid (age childid): keep if _n == 1
```

እንዲህ ሳደርገው 155 ወጣ፣ 37.6 በመቶ። ስንቴም ባስኬደው አይለወጥም። የታተመውን 163 ግን መልሼ ላገኘው አልቻልኩም። ያኔ የተመረጡትን ልጆች ዝርዝር አላስቀመጥንም።

ሙሉነሽ
እኔ ከሌላ በኩል ልምጣ። ኮዴን ለጓደኛዬ ሰጠኋት፤ በማሽኗ ቁጥር በቁጥር ያው ወጣ። ደስ አለን። ኋላ ነው ኮዱ ራሱ ስህተት እንደነበረበት ያየነው። ቁመታቸው ስላልተለካ `haz`፣ ማለት የቁመት ለዕድሜ ልኬታቸው፣ ባዶ የሆነ ልጆች ነበሩ። `gen stunted = haz < -2` ብዬ ነበር።

ጋሽ ታደሰ
ጎሽ ሙሉዬ፣ ዋናው እሱ ነው! ስታታ ባዶውን ቦታ ከማንኛውም ቁጥር ይበልጣል ብሎ ነው የሚያየው። ስለዚህ ያልተለካው ልጅ 0 ይሰጠዋል፣ ማለት "አልቀነጨረም"። የኔም ኮድ ላይ አለ። ከ412ቱ 14ቱ አልተለኩም። ስናወጣቸው 155 ከ398 ይሆናል፣ 38.9 በመቶ። እርማቱ አጭር ነው፦

```
gen stunted = haz < -2 if !missing(haz)
```

ያንኑ ኮድ መቶ ጊዜ ብታስኬደው ስህተቱን አብሮ ይደግመዋል። ስለዚህ ናሙናው ቀነስ ማለት ሲገባው ካልቀነሰ ተጠራጠሩ። አር በሚባለው ሌላ ፕሮግራም `haz < -2` ለባዶው ባዶ ነው የሚመልሰው፤ አንዳችን በአር ብንጽፈው ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

ብሩክ
ኮድ ማንበብ ግን ሌላ ሥራ ነው። ስድስት ጽሑፍ በዚህ መንገድ አንጨርስም። መብራቱም እንደምታውቁት ነው።

ሰላማዊት
እሺ፣ ወደ አራት እናውርደው። ረቂቁ ላይ እንዲህ አስገብቻለሁ፦ "እያንዳንዱ ኮድ ፕሮግራሙ ሳይዘጋ ሁለት ጊዜ ይሮጣል፤ ሁለቱ ውጤቶች እርስ በርስም ከታተመውም ጋር ይነጻጸራሉ። ናሙና የሚመረጥበትና ባዶ ቦታ የሚያልፍበት መስመር ሁሉ በሌላ ሰው ይነበባል።" መዝገቡም ሁለት ዓምድ ይኑረው፤ አንዱ "ይደገማል ወይ"፣ ሌላው "ኮዱ የተባለውን ይሠራል ወይ"።

ሙሉነሽ
እንደ ጋሽ ታደሰ ያለውን የት እንጽፈዋለን? 158 እና 166 ለ163 ቅርብ ናቸው፤ "አልገጠመም" ማለት ይከብደኛል።

ጋሽ ታደሰ
እኔ አልገጠመም ነው የምለው። የራሴ ሥራም ቢሆን።

ብሩክ
እኔ አልስማማም። መደምደሚያው አልተለወጠም እኮ። ሦስተኛ ዓምድ ይጨመር።

ሰላማዊት
ለቅዳሜ ይቆየን። ጋሽ ታደሰ፣ ዳታውንና ዱ ፋይሉን በፍላሽ ይዘውልን ቢመጡ፣ መጀመሪያ በእሱ እንሞክራለን።