«ዲኤንኤሱ እስኪሰራጭ ይጠብቁ» ሲባል የሚሰራጨው ምንድን ነው?

ብርዕ፦ የዶሜን ስም የሚሸጥ የአንድ ድርጅት የደንበኞች መመሪያ ወደ አማርኛ እየመለስሁ ሳለ ሁለት ቃላት አስቸገሩኝ። አንደኛው ፕሮፓጌሽን ነው፤ በልማድ «ስርጭት» እየተባለ ስለሚተረጎም ዓረፍተ ነገሩ «ለውጡ በዓለም ዙሪያ እስኪሰራጭ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይጠብቁ» ይሆናል። ሁለተኛው ቲቲኤል ሲሆን፣ ቃል በቃል «የመኖሪያ ጊዜ» ብለው የቤት ኪራይ ውል መሰለብኝ። ምን ትላላችሁ?

ደብተራው፦ የሬዲዮ ስርጭት አሰራጭ አለው፤ የእህል ስርጭትም አከፋፋይ አለው። የበሽታ ስርጭት እንኳ፣ ላኪ ባይኖረው፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገር ነገር አለው። ስለዚህ ቃሉን ከመምረጣችን በፊት በዚህ ጉዳይ ማን ለማን ምን እንደሚልክ የሚያውቅ ሰው ይንገረን።

ሰርቨር ጠባቂ፦ ማንም ለማንም አይልክም፤ የቃሉ ጥፋትም እዚሁ ላይ ነው። ዲኤንኤስ የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚመልስ ሥርዓት ነው። ስልክዎ የአንድን ድረ ገጽ አድራሻ ሲፈልግ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው የኢንተርኔት አቅራቢዎን ሪዞልቨር፣ ማለትም አድራሻ ፈልጎ የሚነግረውን ሰርቨር፣ ነው። ሪዞልቨሩ መልሱ በእጁ ከሌለ የዶሜኑን መዝገብ ወደሚይዘው ሰርቨር ሄዶ ይጠይቃል፤ መልሱን ሲቀበልም በሰከንድ የተቆጠረ ቁጥር አብሮ ይሰጠዋል። ያ ቁጥር ቲቲኤል ነው። ሪዞልቨሩ ለእርስዎ ከነገረዎት በኋላ ቅጂውን ያስቀምጣል፤ ቁጥሩ እስኪያልቅ ድረስም ሌላ ሰው ቢጠይቀው ከቅጂው ይመልሳል እንጂ ተመልሶ አይጠይቅም። ባለቤቱ አድራሻውን ሲቀይር በመዝገቡ ላይ ለውጡ ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይገባል፤ ነገር ግን ቅጂው በእነማን እጅ እንዳለ ባለቤቱ ራሱ ስለማያውቅ «ተቀይሯል» ብሎ የሚነግረው ሰው የለም። ዘገየ የምንለው፣ አሮጌዎቹ ቅጂዎች እያንዳንዳቸው በተወሰዱበት ሰዓት ልክ ጊዜያቸው እስኪያልፍ የሚፈጀው ቆይታ ነው። ቁጥሩ ሲቀንስ በዓይን ማየት ይቻላል፤ የጉግልን ሪዞልቨር፣ 8.8.8.8ን፣ እንጠይቅ፦

```
$ dig +noall +answer shop.example A @8.8.8.8
shop.example.  51240  IN  A  192.0.2.10
```

መዝገቡ ላይ የተጻፈው 86400፣ ማለትም 24 ሰዓት፣ ቢሆን ይህ ቅጂ የቀረው 14 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ነው ማለት ነው። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ደግመው ቢጠይቁ 51180 አካባቢ ያገኛሉ። አንዳንዴ ቁጥሩ ወደ ላይ ዘልሎ ቢያገኙት አይደንግጡ፤ በአንድ አድራሻ ጀርባ ብዙ ማሽኖች ስላሉ እያንዳንዱ የየራሱን ቅጂ ሊይዝ ይችላል።

ካፌ ቤት፦ እኔ ግን 48 ሰዓት የታወቀ ደንብ መሆኑን ነው የማውቀው። የኢንተርኔት ካፌ ሳስተዳድር ሁሌም ለደንበኞች ሁለት ቀን ጠብቁ እንላቸው ነበር፤ አንዳንዴም ራውተሩን አጥፍተን ስናበራው ይስተካከል ነበር።

ሰርቨር ጠባቂ፦ ራውተሩም ትንሽ ቅጂ ስለሚይዝ ማጥፋትና ማብራቱ አንዳንዴ ይጠቅማል፤ ከበላዩ ያለውን የአቅራቢውን ቅጂ ግን አይነካም። የ48 ሰዓቱ ነገር ከአየር የመጣ አይደለም። በ.com ዶሜኖች ላይ መዝገቡን የሚይዙት ሰርቨሮች እነማን እንደሆኑ የሚናገረው የላይኛው መዝገብ ቲቲኤሉ 172800 ሰከንድ፣ ማለትም ሁለት ቀን፣ ነው። ስለዚህ መዝገብ ያዥዎን ከቀየሩ ሁለት ቀን ማሰብ ተገቢ ነው፤ ያ ቁጥር የእርስዎ ስላልሆነም ዝቅ ሊያደርጉት አይችሉም። መዝገብ ያዡን ሳይነኩ የድረ ገጹን አድራሻ ብቻ ከቀየሩ ግን የሚገዛዎት እርስዎ ራስዎ የጻፉት ቁጥር ነው።

ባለሱቋ፦ የቃሉን ነገር ለእናንተ ትቼ የራሴን ላንሳ። የቅመማ ቅመም ሱቄን ድረ ገጽ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ወደ አዲስ ሰርቨር አዛወርሁ። ቲቲኤሉ 86400 ነበር፤ ዝቅ ማድረግ እንደሚያስፈልግ አንብቤ ስለነበር በዚያው ሰዓት 300 አደረግሁትና ወዲያው አድራሻውን ቀየርሁ። ውጭ አገር ያለችው እህቴ አዲሱን ወዲያው አየች፤ እኔ አዲስ አበባ ተቀምጬ እስከ እሑድ አሮጌውን ሳይ ዋልሁ። ይባስ ብሎ አንዳንድ ትእዛዞች በአሮጌው ሰርቨር ላይ ተመዝግበው ቀሩ። 300 ሰከንድ አምስት ደቂቃ አይደለም እንዴ?

ሰርቨር ጠባቂ፦ አምስት ደቂቃ ነው፣ እህቴ፤ ግን ከዚያ በኋላ ለሚወሰዱ ቅጂዎች ብቻ። ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ50 ላይ የእርስዎ ሪዞልቨር ጠይቆ ከነበረ፣ ያኔ የወሰደው ቅጂ 86400 ተጽፎበታልና እስከ እሑድ 2 ሰዓት ከ50 ድረስ ሊይዘው ይችላል። በ3 ሰዓት የጻፉት 300 እዚያ ቅጂ ላይ አልደረሰም። የእህትዎ ሪዞልቨር ግን ቅጂ ስላልነበረው ቀጥታ ሄዶ አዲሱን አገኘ።

ዝግጅቱ መጀመር የነበረበት ከአንድ ቀን በላይ ቀድሞ ነው። ሐሙስ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ አድራሻውን ሳይነኩ ቲቲኤሉን ብቻ 300 ቢያደርጉት፣ 86400 የተጻፈበት የመጨረሻው ቅጂ ዓርብ ከምሽቱ 12 ሰዓት ያልቃል። ከዚያ በኋላ ቁጥሩን የሚያከብር ሪዞልቨር ሁሉ ከአምስት ደቂቃ የበለጠ አይዝም፤ ቅዳሜ ጠዋት አድራሻውን ቢቀይሩ አብዛኛው ጎብኚ በዚያችው አምስት ደቂቃ ይዞር ነበር። «አብዛኛው» ያልሁት አውቄ ነው። ከተነገራቸው ጊዜ በላይ የሚይዙ ሪዞልቨሮች አሉ፤ አንድ ጊዜ ያገኙትን አድራሻ እስኪጠፉ የማይለቁ ፕሮግራሞችም አሉ። ስለዚህ አሮጌው ሰርቨር ለጥቂት ቀናት ሳይጠፋ ይቆያል፤ ትእዛዝ የሚቀበል ከሆነም ወይ ትእዛዙን ወደ አዲሱ ያስተላልፋል፣ ወይ ትእዛዝ መቀበሉን ያቆማል። አሮጌው ሰርቨር ላይ የጎብኚዎቹን መዝገብ ብታዩት ሲመናመን ይታያችኋል፤ እኔ ከምንም ነገር በላይ የማምነው ያንን ነው። ሁሉም ሲረጋጋ ቁጥሩ ወደ ቀድሞው ከፍ ይደረጋል፤ በ300 ሁልጊዜ መተው መዝገብ ያዡን በጥያቄ ብዛት ያደክማል፣ እሱ ለጊዜው ቢወድቅም ቅጂዎቹ ቶሎ ስለሚያልቁ ድረ ገጹ አብሮት ይጠፋል።

ካፌ ቤት፦ ፒንግ ስናደርግ `ttl=64` የሚለውስ? እሱም ሰከንድ ከሆነ ከአንድ ደቂቃ ትንሽ በላይ ነው ማለት ነው?

ሰርቨር ጠባቂ፦ ስሙ አንድ ነው፤ ነገሩ ሌላ ነው። ያ መልእክቱ በመንገድ ሳለ የሚያልፋቸውን ራውተሮች ይቆጥራል፤ በየራውተሩ አንድ ይቀነሳል፣ ዜሮ ሲደርስ መልእክቱ ይጣላል። በ1981 በወጣው ሰነድ ላይ ሰከንድ ተብሎ ነበር፤ በተግባር ግን የእርከን ቁጥር ሆኖ ቀረ። ከዲኤንኤስ ጋር አይገናኝም።

ደብተራው፦ እንግዲያው ለሁለቱ አንድ የአማርኛ ቃል መስጠት ስሕተቱን ማውረስ ነው። ለዲኤንኤሱ «መቆያ ጊዜ» ይስማማኛል፤ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ እንደሚጻፈው ቀን፣ እቃው ራሱ ተሸክሞት ይዞራልና። «ስርጭት» ግን ይውጣ። የሚሆነው የአሮጌው ማለፍ ነው እንጂ የአዲሱ መድረስ አይደለም።

ብርዕ፦ እንዲህ ብዬ ጻፍሁት፦ «አድራሻው በመዝገቡ ላይ ተቀይሯል፤ ቀደም ብለው የተወሰዱ ቅጂዎች መቆያ ጊዜያቸው እስኪያልፍ ድረስ ግን አንዳንድ ጎብኚዎች አሮጌውን ያያሉ።» ድርጅቱ ይረዝማል ብሎ እንዳይመልስብኝ እሰጋለሁ፤ «እስኪሰራጭ ይጠብቁ» ሦስት ቃል እንኳ አይሞላም።

ባለሱቋ፦ ለእኔ ረዥሙ ይሻለኛል። «ቀደም ብለው የተወሰዱ» የሚለውን ያን ቅዳሜ አንብቤው ቢሆን ኖሮ ሐሙስ እጀምር ነበር።

ካፌ ቤት፦ ደንበኛ ስልክ ደውሎ «መቼ ነው የሚያልቀው?» ሲል ግን አሁንም 48 ሰዓት ነው የምለው።