«በበትር ከመምታት የሚራራ»፦ ምሳሌ 13፥24 ምን ይላል?

ብርሃኔ፦ ለወላጆች ጉባኤ ምሳሌ 13፥24ን ላቀርብ ነው። ግማሹ ሰው «እግዚአብሔር ምቱ ብሏል» ይላል፤ ግማሹ ደግሞ «በትር የእረኛ መምሪያ ነው፣ መምታት የሚባል ነገር የለበትም» ይላል። ዕብራይስጡ በእርግጥ ምን ይላል? የእኛስ ትርጉም ልክ ነው ወይ?

ሊዲያ፦ ሁለተኛው ወገን ነው ልክ። በመዝሙር 23 «በትርህና ምርኵዝህ እነርሱ ያጸናኑኛል» የሚለው በትር በዕብራይስጥ «ሼቬት» ነው፤ ምሳሌ 13፥24 ላይ ያለውም ራሱ ሼቬት ነው። እረኛ በጉን አይደበድብም፤ በበትሩ ከገደል ይመልሰዋል እንጂ። ስለዚህ ጥቅሱ ልጅን ስለ መምራት ነው የሚናገረው። የመምታቱ ነገር ከባህላችን የገባ ነው።

ጋሽ ታፈሰ፦ ልጄ ሊዲያ፣ አሳብሽ ደግ ነው፤ ግን ምሳሌ 23፥13ን የት ልታደርጊው ነው? «ሕፃንን ከመቅጣት ቸል አትበል፤ በበትር ብትመታው አይሞትምና» ነው የሚለው። በሚመራ በትር ማን ይሞታል? አባቶቻችንም «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» ያሉት ከሜዳ ተነሥተው አይደለም። ቃሉን እንዳለ እንቀበለው።

መምህር ይኄይስ፦ ሁለታችሁም ግማሽ ግማሹን ይዛችኋል። ከቃሉ ልጀምር። ዕብራይስጡ ሰባት ቃል ብቻ ነው፦ ሖሴኽ ሺብቶ ሶኔ ብኖ፣ ወኦሀቮ ሺሐሮ ሙሳር። ቃል በቃል ሲቀመጥ «በትሩን የሚከለክል ልጁን የሚጠላ ነው፤ የሚወደው ግን ተግሣጽን ተግቶ ይሻለታል» እንደ ማለት ነው። ከሰባቱ አንዱም «መታ» የሚል ግሥ አይደለም። በ1954ቱ ትርጉማችን ግን «በበትር ከመምታት የሚራራ ሰው ልጁን ይጠላል» እናነባለን። «ከመምታት» የሚለውን የጨመረው ተርጓሚው ነው።

«የሚራራ» የሚለውም መታየት አለበት። ሖሴኽ የመጣበት ግሥ በዘፍጥረት 22፥12 ለአብርሃም የተነገረው ነው፤ እዚያ ግን የእኛው መጽሐፍ «አንድ ልጅህን ለእኔ አልከለከልህም» እያለ በ«ከለከለ» ይተረጉመዋል። እዚህ ሲደርስ «ራራ» ሆነ። ስሕተት ነው አልልም፤ ሰብዓ ሊቃናት በሁለቱም ቦታ ያስቀመጡት የግሪክ ግሥ «መራራት» የሚል ትርጉም ስላለው መንገዱ የቆየ ነው። ውጤቱ ግን ይለያያል። «በትሩን የሚከለክል» ሲባል ልጁ የሚገባውን ነገር የተነፈገ ይመስላል። «ከመምታት የሚራራ» ሲባል ደግሞ የአባት ርኅራኄ ራሱ ጥፋት ይሆናል። ብዙ ወላጅ የሚሰማው ይህን ሁለተኛውን ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው።

አሁን ወደ ሊዲያ። ሼቬት የእረኛ በትር መሆኑ እውነት ነው። ግን በዚያ ብቻ አይወሰንም፤ የንጉሥ በትረ መንግሥትም ነው፣ ነገድም ይባላል፣ ኢሳይያስ 28፥27 ላይ ከሙን የሚወቃበት ዘንግ ነው፣ ዘጸአት 21፥20 ላይ ደግሞ ጌታ ባሪያውን መትቶ የሚገድልበት ዱላ ነው። እንዲህ ሰፊ የሆነ ቃል ሲገጥምህ ከሌላ መጽሐፍ የምትወደውን ትርጉም አምጥተህ አትለጥፍበትም፤ መጀመሪያ እዚያው መጽሐፍ ውስጥ እንዴት እንደተሠራበት ታያለህ። በምሳሌ 10፥13 በትሩ የሚያርፈው ልብ በጎደለው ሰው ጀርባ ላይ ነው። በ26፥3 ደግሞ አለንጋ ለፈረስ፣ ልጓም ለአህያ፣ በትር ለሰነፍ ጀርባ ይላል። 23፥13 እና 14ን ጋሽ ታፈሰ ጠቅሰውታል፤ እዚያ «መታ» የሚለው ግሥ በግልጽ አለ። በዚህ መጽሐፍ ሼቬት እውነተኛ ዱላ ነው፤ ወደ እረኛ ምርኩዝ ማለዘብ አይቻልም።

ሊዲያ፦ እሺ፣ ጀርባ የሚለውን አላሰብኩትም ነበር። ታዲያ 13፥24 ላይ «መታ» ከሌለ በትሩ ምሳሌያዊ ሊሆን አይችልም? የአባትነት ሥልጣን ማለት?

መምህር ይኄይስ፦ ይቻላል፤ የሚሉም አሉ። ባለቤትነቱን አስተውይ፦ «በትሩን» ነው የሚለው፣ የራሱን። ለዚህ ንባብ ጥሩ ድጋፍ ይሆናል። እኔ ግን የዘመኑን ሰው ጆሮ አስባለሁ። በአስዋን አጠገብ ኤለፋንቲን በምትባል ደሴት በተገኘው ፓፒረስ፣ በአምስተኛው መቶ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራማይክ የተጻፈ የአሒቃር ምክር አለ። «ልጅህን ከበትር አትከልክል» ይላል፤ ግሡም ያው የሖሴኽ ሥር ነው። ወረድ ብሎ «ልጄ ሆይ፣ ብመታህ አትሞትም፤ ለልብህ ብተውህ ግን» ብሎ ይቀጥላል። ከምሳሌ 23፥13 ጋር ወንድማማች ናቸው። በግብፅ የጸሐፊዎች ትምህርት ቤትም «የልጅ ጆሮ ጀርባው ላይ ነው» ይባል ነበር። በሥዕል ፊደላቸውም «አስተማረ» የሚለውን ሲጽፉ ዱላ የያዘ ሰው ምልክት ይጨምሩበታል። ይህ ሁሉ የጸሐፊዎችና የሹማምንት ልጆች የሚሠለጥኑበት ዓለም ነው። የምሳሌው ሰሚ በትር ሲባል መጀመሪያ የሚታየው የሚጨበጥ እንጨት ነው።

ወ/ሮ አልማዝ፦ እኔ ያለሁት እስራኤል ነው። ልጆቼን ብመታ ፖሊስ ይመጣብኛል። የእነሱው መጽሐፍ አይደል እንዴ? በዕብራይስጥ የሚያነቡት እነሱ፣ የሚከለክሉኝም እነሱ። ታዲያ መምታት ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም?

ናሆም፦ እትዬ አልማዝ፣ ብርሃኔ የጠየቀው ስለ ትርጉሙ ነው፤ የሕጉ ነገር ሌላ ነው። እርስዎ ባሉበት አገር የወላጅን ድብደባ የዘጋው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2000 የተሰጠው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 በትምህርት ቤትና ሕፃናትን በሚያሳድጉ ተቋማት የአካል ቅጣትን ከልክሏል፤ ቤትን ግን በስም አልጠራም። በሁለቱም አገር ዳኛው የሚፈርደው በሕጉ ነው፤ በእስራኤል ጥቅሱ ከነዕብራይስጡ እያለ ሕጉ መለወጡ ይህንኑ ያሳያል።

ወደ ትርጉሙ ልመለስ፤ የእኔ ሥራ እሱ ነው። ከበትሩ ይልቅ የሚያስቸግረው ሁለተኛው ሐረግ ነው፤ በተለይ «ሙሳር» የሚለው ቃል። በ1954ቱ መጽሐፍ ምሳሌ 1፥2 ላይ «ተግሣጽ» ተብሏል፣ 1፥8 ላይ «የአባትህን ምክር ስማ» ሲል «ምክር» ሆኗል፣ 23፥13 ላይ ደግሞ «ከመቅጣት» ተብሏል። አንድ ቃል በሦስት ልብስ። አማርኛ አንባቢ «ምክር» እና «ቅጣት» አንድ ሥር እንዳላቸው በምን ያውቃል? ለእኔ «ተግሣጽ» ይሻላል፤ በግእዙ ማስተማርንም ማረምንም ስለሚይዝ። የዛሬ ልጅ ግን «ገሠጸኝ» ሲል በቃል ተቆጣኝ ማለቱ ነው። የቃሉ ስፋት በመካከል ጠቧል።

«ሺሐሮ» የመጣው ንጋት ከሚለው ጋር በተያያዘ ሥር ነው። የእንግሊዝኛው የ1611 ትርጉም «በጊዜ» ብሎ ንጋቱን ያዘ፤ የእኛው «ተግቶ» አለ። ይህኛው ጥሩ ነው፤ 8፥17 ላይ «ተግተው የሚሹኝም ያገኙኛል» የሚለውም ይኸው ግሥ ስለሆነ ሁለቱ ቦታ ይገጥማሉ።

ጋሽ ታፈሰ፦ «በትሩን የራራ ልጁን ያበላሻል» የሚለውስ? በእንግሊዝኛ ሁሉም የሚጠቅሰው እሱን ነው።

ናሆም፦ ጋሼ፣ እሱ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም። በዚያ መልኩ የታወቀው ሳሙኤል በትለር የተባለ እንግሊዛዊ በ1664 ባወጣው የስላቅ ግጥም ነው። ጥቅሱ የሚለው «ይጠላል» ነው፣ «ያበላሻል» አይልም።

ትርጉም ምን ያህል ሊያጋድል እንደሚችል 19፥18 ያሳየናል። «ተስፋ ሳለ ልጅህን ገሥጽ» ይልና ሁለተኛው ሐረግ በዕብራይስጥ «እሱን ለመግደል ግን ልብህን አታንሣ» ነው። ይህ ለወላጅ እጅ ገደብ ነው። የ1611ዱ ተርጓሚዎች «ሐሚቶ» የሚለውን ከሌላ ሥር አምጥተው «ስለ ልቅሶው ነፍስህ አትራራ» አሉት። ገደብ የነበረው ማበረታቻ ሆነ። የኋላ ትርጉሞች አርመውታል፤ በመካከሉ ግን በዚያ ንባብ ስንት ልጅ ተገረፈ?

ብርሃኔ፦ እንግዲህ ለጉባኤው የትኛውን ላንብብላቸው? «በአርጩሜ» ብሎ ቀለል ማድረግስ?

ናሆም፦ አርጩሜ አልልም። አርጩሜ ቀጭን የመግረፊያ ልምጭ ነው፤ ቃሉን ከመምታት ውጭ ለምንም አንጠቀምበትም። የሚያለዝብ ይመስላል እንጂ አንባቢውን በአንድ ትርጉም ላይ ይቸነክረዋል። «በትር» ግን በትረ መንግሥትንም በትረ ሙሴንም ስለሚይዝ እንደ ሼቬት ሰፊ ነው። እኔ «በትሩን የሚከለክል ልጁን ይጠላል፤ የሚወደው ግን ተግሣጽን ተግቶ ይሻለታል» ብዬ አነባለሁ። ካነበብክ በኋላ አምስት ስድስት ወላጆችን ለየብቻ በራሳቸው ቃል እንዲነግሩህ ጠይቃቸው፤ እኛ ረቂቅ ስንፈትን የምናደርገው ይህንን ነው። «ልጁን ያልመታ አባት ኃጢአተኛ ነው» ካሉህ የቀድሞውን ከትዝታቸው እየደገሙ ነው፤ አልሰሙህም። «በትሩን ለማን ነው የሚከለክለው?» ብለው ከጠየቁህ ደግሞ አማርኛው ጎድሏል ማለት ነው፤ «ከልጁ ላይ» ብለህ ሙላው።

ጋሽ ታፈሰ፦ እኔ አልስማማም። «ከመምታት» ቢወጣ 23፥13 ላይ ያው ተመልሶ ይመጣል። ሕዝቡ 60 ዓመት በቃሉ የያዘውን ንባብ ማወክ ምን ይጠቅማል? ተርጓሚዎቹ መጽሐፉን በሙሉ አንብበው፣ በትር ለምን እንደሚያዝ ዐውቀው ነው የጨመሩት።

መምህር ይኄይስ፦ ጋሼ፣ ይህ ክርክርዎ የሚናቅ አይደለም፤ እኔም 23፥13 ይለዝብ አልልም። እዚያ «መታ» ስላለ «ምታ» ይባል፤ 13፥24 ላይ ስለሌለ አይጨመር። ምሳሌ የሕግ መጽሐፍ እንዳልሆነም ለወላጆቹ ማሳየት ይገባል። 26፥4 «ለሰነፍ አትመልስለት» ይላል፣ 26፥5 ደግሞ «መልስለት»። ሁለቱን እንደ ትእዛዝ የሚፈጽም ሰው የለም፤ እንደ ሁኔታው የሚመዝን እንጂ። 17፥10ም ለአስተዋይ አንድ ተግሣጽ ለሰነፍ ከመቶ ግርፋት ይበልጣል ብሎ በትሩ የማይደርስበትን ቦታ ያሳያል። ብርሃኔ፣ 13፥24ን ብቻውን አታንብብላቸው፤ 17፥10ን እና 19፥18ን አስከትል።

ሊዲያ፦ «ልጅ» የሚለውስ ስንት ዓመት ነው? 23፥13 ላይ «ሕፃን» ተብሏል።

መምህር ይኄይስ፦ «ናዓር» ነው። ሙሴ በቅርጫት ሳለ ናዓር ተብሏል፣ ዮሴፍም በ17 ዓመቱ ናዓር ተብሏል። «ሕፃን» ብሎ መተርጎም ዱላውን ወደ ታናሹ ይወስደዋል፤ ምሳሌ በተደጋጋሚ የሚመክረው ግን ከክፉ ባልንጀራና ከጋለሞታ መንገድ ሊርቅ የሚገባውን ጎረምሳ ነው። 13፥24 ላይ ያለው ግን «ቤን»፣ ልጅ፣ ነው፤ ዕድሜን አይለይም።

ጋሽ ታፈሰ፦ በ«ሕፃን» ነገር እስማማለሁ። በ«ከመምታት» ላይ ግን ገና ነኝ።