ጉርድ ፎቶ ወደ ፒክስል አርት ለመቀየር የቱ ይሻላል? ጥቆማ ስጡኝ

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ። የአባቴን ጉርድ ፎቶ 48 በ48 ፒክስል፣ በ8 ቀለም ብቻ አድርጌ በትልቁ ማሳተም እፈልጋለሁ። በስልክ አፕ ስሞክረው ፊቱ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ሆነ። ዓይኑም የለም። ነፃ የሆነ ነገር ጠቁሙኝ።

ጌም ወዳጁ፦ ፎቶው ጥራት ስለሌለው ነው፣ በደህና ካሜራ አስነሳቸው። እኔ አሴስፕራይት ነው የምጠቀመው። ይከፈልበታል፣ ግን ያዋጣል።

ግራፊክስ ሠሪው፦ ጥራቱ አይመስለኝም። 48 በ48 ማለት 2,304 ካሬ ብቻ ነው፤ የቱም ካሜራ ቢያነሳው መጨረሻው እዚያ ነው። አሴስፕራይት በእጅ ለመሳል ግሩም ነው። ለመቀየር ግን ጂምፕ ይበቃሃል፣ ነፃም ነው።

መጀመሪያ ፊቱን አስጠግተህ በካሬ ቁረጠው። ፕሮግራሙ ቀለም የሚመርጠው ብዙ ቦታ የያዘውን እያየ ነው። ከኋላ ሰማያዊ መጋረጃ ካለ ከ8ቱ ሁለት ሦስቱን መጋረጃው ይወስድና ለፊቱ ጥላ የሚተርፍ አይኖርም። ስለዚህ ጀርባውን አንድ ወጥ ቀለም ቀባው።

ቀጥሎ በ`Scale Image` ወደ 48 አሳንሰው። ከዚያ በኋላ ነው `Mode` ውስጥ ገብተህ `Indexed` የምትለው፤ 8 ቀለም ስጠውና ዲዘሪንጉን `None` አድርገው። ነጠብጣቡን ያመጣው ዲዘሪንግ ነው፦ የሌለውን ቀለም ለማስመሰል ሁለት ቀለም ያፈራርቃል። በትልቅ ምስል ያምራል፣ በ48 ካሬ ግን ፊት ላይ ፈንጣጣ ይመስላል። ቅደም ተከተሉን አትገልብጠው። ቀለሙን ቀድመህ ከቀነስክ ጂምፕ ሲያሳንስ ቀለሞቹን ማዋሃድ ስለማይችል አንዱን ፒክስል አንስቶ ሌላውን ይጥላል፤ ጠርዙ ይሰባበራል።

ዓይኑን ግን ማንም ፕሮግራም አይመልስልህም። ፊቱ 30 ካሬ ቢሰፋ አንድ ዓይን የሚደርሰው 6 ካሬ ያህል ነው። ነጩ፣ ብሌኑና ሽፋሽፍቱ ተደባልቀው ቡናማ ይሆናሉ። በ1 ፒክስል እርሳስ ብሌኑን አጥቁረህ አጠገቡ አንድ ፈዛዛ ካሬ አስቀምጥ።

ኮማንድ ወዳጁ፦ ኢሜጅማጂክ ካለህ ፎቶውን በካሬ ከቆረጥክ በኋላ ይቺ ትበቃለች፦

```
magick aba.jpg -scale 48x48 -dither None -colors 8 -sample 2000% aba.png
```

960 ፒክስል ይሆንልሃል። ለማተሚያ ቤቱ በቴሌግራም ስትልክ እንደ ፋይል ላከው፤ እንደ ፎቶ ከላክኸው ጠርዙን ያደበዝዘዋል።

ጥልፍ ሠሪዋ፦ እኔስ ለጥልፍ ብፈልገው? ያለኝ ክር ስድስት ዓይነት ነው።

ግራፊክስ ሠሪው፦ እህቴ፣ አንቺ ከክሩ ነው የምትጀምሪው። የስድስቱን ቀለም ፓሌት አድርገሽ አስገቢና `Use custom palette` በይው።

ጌም ወዳጁ፦ እንደዚያ ከሆነማ የፒኮ-8ን 16 ቀለም ለምን አይጠቀምም? የድሮ ጌም መልክ ይሰጠዋል።

ግራፊክስ ሠሪው፦ ለጠይም ፊት አልመክረውም። እዚያ ውስጥ ቡናማው አንድ ነው፤ ቀጥሎ ያለው ፈዛዛ ቀለም በጣም ስለሚርቅ ጉንጩ ላይ ነጭ ለጥፎ ቁጭ ይላል።

ጌም ወዳጁ፦ እኔ ደግሞ ያ መዝለሉ ነው ደስ የሚለኝ።

ጠያቂ፦ ሁለቱንም ሠርቼ ለእናቴ አሳያለሁ። እሷ ያወቀችው ይታተማል።